በዲግሪው ጀርባ ላይ ያሉት ማህተሞች

«አባዬ፣ ዲግሪዬ በኤምባሲ ተረጋግጦ ይምጣ ተብያለሁ።» ልጆቻቸው በውጭ አገር ሥራ ወይም የትምህርት ዕድል ያገኙላቸው ወላጆች ይህችን ዐረፍተ ነገር ያውቋታል። ብዙዎቹም ሰነዱን በፖስታ ይዘው በቀጥታ የኤምባሲው በር ላይ ይቆማሉ። ዘበኛው ሰነዱን አገላብጦ አይቶ «የውጭ ጉዳይ ማህተም የለውም» ይላቸዋል። ውጭ ጉዳይ ሲሄዱ ደግሞ «መጀመሪያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን» ይባላሉ። እዚያም ሲደርሱ «ዋናው ዲግሪ የት አለ?» ተብለው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ከሰሜን ወሎ ለመጣ ሰው ይህ ምልልስ ቀላል አይደለም። ወልድያ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ይህን መንገድ በ2015 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ከወንድሜ ልጅ ጋር ከታች እስከ ላይ ሄጄበታለሁ። ልጅቱ የሐራ ልጅ ናት። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቃ፣ ከመስከረም 2012 ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋም ስትሠራ ቆይታለች። ዱባይ ያለ አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ፈለገና፣ አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ኤምባሲ የተረጋገጠ ዲግሪ እንድታቀርብ ጠየቃት።

መጀመሪያ የኤምባሲው ማህተም ምን እንደሚል መረዳት ይገባል። ብዙ ሰው ኤምባሲው «ይህች ልጅ በእርግጥ ተምራለች» ብሎ የመሰከረ ይመስለዋል። ኤምባሲው ግን ልጅቷን አያውቃትም፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲን ሬጅስትራር ፊርማም አያውቅም። የሚያውቀው የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰነድ አረጋጋጮችን ፊርማና ማህተም ነው፤ የነሱ ናሙና ተልኮለታል። ስለዚህ የኤምባሲው ማህተም የሚለው «ከእኔ በፊት የፈረመው የውጭ ጉዳይ ሰው ፊርማ እውነተኛ ነው» ብቻ ነው። ውጭ ጉዳይም በተራው የሚመሰክረው ከሱ በፊት ስለፈረመው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲው።

ለእናቴ ይህን ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። «እንደ በሬ ዋስ ነዋ!» አሉኝ። በሐራ ገበያ የማይታወቅ ሰው በሬ ይዞ ቢመጣ፣ ገዢው የሚያውቀው ዋስ ካልቆመለት ማን ይገዛዋል? ዋሱን የማያውቀው ገዢ ደግሞ የዋሱን ዋስ ይጠይቃል። ሰነዱም እንደዚያው ነው። ከታች አንዱ ዋስ ከጎደለ የላይኞቹ ሁሉ መቆሚያ ያጣሉ።

አንዳንድ ወላጅ «የእገሌ ልጅ ከሌላ አፍሪካ አገር በአንድ ወረቀት ብቻ ጨረሰ» ብሎ ይገረማል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሄግ ላይ የተፈረመ ስምምነት አለ፤ የስምምነቱ አባል አገሮች አፖስቲል በሚባል አንድ ማረጋገጫ ብቻ ይቀባበላሉ፤ ኤምባሲም አያስፈልጋቸውም። እኛ ይህን ጉዳይ በጨረስንበት ጊዜ ኢትዮጵያም ኤምሬትስም አባል አልነበሩም። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ መሄድ ግድ ነበር።

መንገዱ የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። የብዙ ቤተሰብ ሳሎን ግድግዳ ላይ ጋውን ከለበሰው ፎቶ ጎን ዲግሪው በፍሬም ተሰቅሎ ይታያል። ፍሬም ይፈታል፤ ችግር የለውም። ላሚኔት የተደረገ ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው። ማህተሙም ፊርማውም የሚያርፈው በዋናው ወረቀት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ነው። ፕላስቲክ ላይ ቀለም አይይዝም፤ ወረቀቱ እውነተኛ ይሁን አይሁን በእጅ ዳስሶ፣ በብርሃን አይቶ መለየትም አይቻልም። ፕላስቲኩን ለመላጥ ሲሞከር ደግሞ ጽሑፉ አብሮ ይነሣል። እባካችሁ የልጆቻችሁን የትምህርት ማስረጃ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ፎቶ ኮፒውን ላሚኔት አድርጋችሁ ስቀሉ።

የኛይቱ ልጅ ቤት ያለው ግን ዋናው ዲግሪ አልነበረም። ጊዜያዊው ወይም በተለምዶ «ቴምፖራሪ» የሚባለው ነበር፤ ከሱም ጋር ስቱደንት ኮፒ የሚባለው የውጤት ወረቀት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። ይህ በደንብ የተደነገገ ነው፤ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጣል። ዕዳው ሳያልቅ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ አይሰጥም። በአገር ውስጥ ብዙ ቀጣሪ በቴምፖራሪ ስለሚቀጥር ልጆቹ ለዓመታት ትዝ አይላቸውም። የውጭ አሠሪ ግን ዋናውን ይፈልጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችን ደብተር መቁጠር ሆነ። ከደመወዟ ስንት እንደተቆረጠ ከመሥሪያ ቤቷ ፋይናንስ ክፍል አስጽፋ፣ ቀሪውን ከፍላ፣ ዕዳ እንደሌለባት የሚገልጽ ደብዳቤ ከገቢዎች ወሰደች። ከመሥሪያ ቤቱ የተቆረጠው ገንዘብ በስሟ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ደረሰኝ ፍለጋ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ምክሬ፣ ልጃችሁ ሥራ በያዘ ዓመቱ ይህን ደረሰኝ በየዓመቱ ኮፒ አድርጎ ያስቀምጥ።

ከዚያ ወልድያ ሄድን። በልቤ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። ከተማዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ እጅ ስትወድቅ ዩኒቨርሲቲው ክፉኛ ተዘርፎና ወድሞ ነበር። የልጅቷ ማኅደርስ አለ? አለ። ዋናውን ዲግሪ በእጇ ስትቀበል እኔ ከእሷ ይልቅ ተደሰትኩ። በዚያ ጊዜ የቤታቸው ሰነድ የጠፋባቸው ቤተሰቦች በአካባቢያችን ብዙ ናቸው። እነዚህ መጀመሪያ መጥፋቱን ለፖሊስ አስመዝግበው ማስረጃ ይያዙ፣ ከዚያ ሬጅስትራር ዘንድ ይቅረቡ። ከአዲስ አበባ መጀመር ትርፉ ድካም ነው።

ዲግሪው በእጃችን ገብቶ ከፓስፖርቷ ጎን ስናስቀምጠው ነው ትልቁ ነገር የታየው። የእሷን ስም እዚህ አላወጣም፤ ለምሳሌ ግን ሐሰን የሚለውን ስም ውሰዱ። በአማርኛ አንድ ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን አንዱ በአንድ «ኤስ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት፤ መጨረሻውንም አንዱ በ«ኤ» ሌላው በ«ኢ» ያደርገዋል። በዲግሪዋ ላይ ያለው የአያቷ ስም አጻጻፍና በፓስፖርቷ ላይ ያለው በአንድ ፊደል ይለያይ ነበር። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም። ዱባይ ላለው ጸሐፊ ግን በኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ይህ ልዩነት የሚወለደው ከታች ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና ቅጽ ላይ አንድ መምህር በችኮላ የጻፈው ወደ 12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ይተላለፋል፤ ዩኒቨርሲቲውም ያንን ይዞ ይቀጥላል። ፓስፖርቱ ደግሞ በልደት ምስክር ወረቀቱና በመታወቂያው ይወጣል፤ እዚያ ሌላ ጸሐፊ ሌላ ዓይነት ጽፎታል። ልጃችሁ ፓስፖርት ገና ካላወጣ ነገሩ ቀላል ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም ፓስፖርቱም በእሱ ፊደል እንዲጻፍ አድርጉ። ፓስፖርቱ ወጥቶ ከሆነ ግን የኛን መንገድ ትሄዳላችሁ። ሁለቱ አጻጻፎች የአንዲት ተመራቂ ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር በእንግሊዝኛ አጻፍን፣ የፓስፖርት ቁጥሯም ተጠቀሰበት። ደብዳቤውም እንደ ዲግሪው ከታች እስከ ላይ ማህተም ተደረገበት። ደብዳቤው ለብቻው ያለ ማህተም ቢሄድ ኖሮ ዋጋ አልነበረውም፤ እሱም ዋስ ይፈልጋል።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። ዲግሪዋ የተጻፈው በፈረንጆቹ ነው፤ የተመረቀችበት ዓመት 2019 ይላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ግን «ከመስከረም 2012 ጀምሮ» ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አይገልጽም። ይህን የሚያነብ ፈረንጅ ወይም ዓረብ ምን ይላል? ልጅቱ ከመመረቋ ሰባት ዓመት በፊት ነርስ ነበረች ይላል። ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ተደርጎ እንደገና ተጻፈ። ይህን ያስተዋለችው ራሷ ልጅቱ ናት። «ጋሼ፣ ይህን አንብበው ልጅ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ያስመስሉኛል» ብላ ስትስቅ ነው እኔ ያየሁት።

ወልድያ ላይ ሁሉ ነገር ከተስተካከለ አዲስ አበባ ያን ያህል አያስፈራም። የመጀመሪያው በር የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ነው። እዚህ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፤ ተቋሙ ያንን ትምህርት ለመስጠት ፈቃድ ነበረው ወይ፣ ሰነዱስ በእርግጥ ከተቋሙ የወጣ ነው ወይ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በመጀመሪያው ብዙ አይቸገርም። ልጆቻቸውን በግል ኮሌጅ ያስተማሩ ወላጆች ግን ልብ ይበሉ። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለትምህርት ዘርፉና ለካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአካውንቲንግ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ልጁ አራት ዓመት ተምሮ፣ ከፍሎ፣ ተመርቆ የመጀመሪያው በር ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ይህን የሚጠይቁት ልጁ ሲመዘገብ እንጂ ኤምባሲ ሲፈለግ አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት የሚያረጋግጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት። ልጁ ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ መንገዱ ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛው በር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ አገልግሎት ነው። ይህ ፈጣኑ ነበር፤ የባለሥልጣኑን ፊርማ ከናሙናው ጋር አስተያይቶ ያትማል። ሦስተኛው ኤምባሲው ነው። ክፍያው ከሁሉም የሚከብደው እዚያ ነው፤ ቀጠሮውንና የክፍያውን መንገድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በየበሩ የተሰጠንን ደረሰኝ ልጅቱ በአንድ ፖስታ አኖረችው። እያንዳንዱ ማህተም ቁጥርና ቀን አለው። ኋላ አንድ ሰው ማህተሙን ቢጠራጠር ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል።

በዚህ መካከል ደላላ ይመጣል። እኛንም አንዱ «ሦስቱንም በአንድ ቀን ጨርሼ አመጣለሁ» ብሎን ነበር። ሦስት መሥሪያ ቤት እርስ በርሱ እየተጠባበቀ የሚሠራውን አንድ ሰው በአንድ ቀን እንዴት ይጨርሰዋል? ማህተሙን ራሱ ካልቀረጸው በቀር አይጨርሰውም። ሰነዱ እውነተኛ ሆኖ ማህተሙ ሐሰተኛ ሲሆን የሚጎዳው ልጁ ነው። በልፋቱ ያገኘው ዲግሪ ከሐሰተኛ ሰነድ ተራ ይገባል።

እናቴ ዲግሪው ተመልሶ ሐራ ሲደርስ ጀርባውን ገልብጠው አይተው «ልጄ፣ እንዲህ አዥጎርጉረው አበላሹባት እኮ!» አሉ። «አንቱ ዝም ይበሉ፤ ያማረው አሁን ነው» አለቻቸው ልጅቱ።

በማህተሙ ግን ነገሩ አላለቀም። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። በዱባይ ለጤና ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን ማህተም ብቻ አይቶ አይቀበልም፤ ዳታፍሎው በሚባል ድርጅት በኩል ዲግሪውን የሰጠውን ዩኒቨርሲቲና ያሠራትን መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከአመልካቹ እጅ ውጭ ነው። በኢሜይል ይመጣል፤ መልስ ካላገኘ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ይዘጋል። ያ ቃል «ሐሰተኛ ነው» ማለት ባይሆንም ፈቃድ አያሰጥም። የኛን ያዘገየው የሥራ ልምዷ ነው። በመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ራስጌ ላይ የታተመው ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ኢሜይሉንም የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ልጅቱ ራሷ ሄዳ የሰው ኃይል ኃላፊውን «በዚህ ስም ጥያቄ ይመጣል፤ እባክዎ ይጠባበቁልኝ» ብላ የሚሠራ አድራሻ ይዛ ተመለሰች። አድራሻው ከተስተካከለ በኋላ በሁለት ሳምንት መልስ ተላከ። ሬጅስትራርም ዘንድ እንዲሁ አስቀድሞ መናገር ደግ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ የኤምሬትስን ነው። ሁሉም አገር እንዲህ አይደለም፤ ገንዘብና ጊዜ በከንቱ የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው የጀርመን ኤምባሲ ለምሳሌ የኢትዮጵያን ሰነዶች በማህተም የማረጋገጡን ሥራ አቁሟል። የጀርመን መሥሪያ ቤት ሰነድ ማጣራት ሲፈልግ በኤምባሲው በኩል ታማኝ ጠበቃ መድቦ እቦታው ድረስ ያስመረምራል። ዩኒቨርሲቲዎቹ በብዛት የሚጠይቁት ከዋናው ጋር የተገናዘበ ኮፒ ነው፤ ይህ ደግሞ «ኮፒው ከዋናው ጋር አንድ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አይልም። ለአሜሪካና ለካናዳ በብዛት የሚጠየቀው በደብልዩ ኢ ኤስ ወይም በመሰል ድርጅት የትምህርት ግምገማ ማስደረግ ነው። ድርጅቱ ትራንስክሪፕቱን የሚቀበለው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንጂ ከተማሪው እጅ አይደለም። ፖስታው በሬጅስትራር ታሽጎ፣ በመክደኛው ላይ ማህተም ታትሞበት ይሄዳል። አንድ የመርሳ ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ፖስታ ለልጃቸው እንዲልኩ ተሰጥቷቸው፣ «ውጤቱን እስቲ ልየው» ብለው ቀደዱት። የተከፈተ ፖስታ ዋጋ የለውም፤ እንደገና ማስወጣት ነበረባቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጃችሁ ለአሠሪው ወይም ለዩኒቨርሲቲው ይጻፍና የትኛው ሰነድ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ማህተም፣ ዋናው ነው ወይስ ኮፒው፣ በእጅ ነው ወይስ ከተቋሙ በቀጥታ ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። «ኤምባሲ ያረጋግጠው» የሚለውን በስልክ ሰምቶ መነሣት አይበቃም።

ልጁ ቀድሞ ውጭ ወጥቶ ሰነዱን የምታስጨርሱለት እናንተ ከሆናችሁ ውክልና ያስፈልጋችኋል። ውክልናውን እሱ ባለበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። በውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃዬን ከዩኒቨርሲቲ እንዲያወጣልኝ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በኤምባሲ እንዲያረጋግጥልኝ» የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍበት። «ጉዳዬን ሁሉ» የሚል ብቻ ከሆነ ሬጅስትራሩ ዘንድ ክርክር ያስነሣል።

የኛይቱ ልጅ ሥራ ከተጀመረ በአራተኛው ወር ዱባይ ገባች። ዲግሪው እዚያም አንድ በር ይቀረው ነበር። የኤምሬትስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲው የፈረመውን በተራው አረጋግጦ የራሱን ማህተም አኖረበት። የሆስፒታሉ ሰው ከዚያ በፊት የነበሩትን ሳያነብ ያችን የመጨረሻዋን ብቻ አይቶ ፋይሏን ዘጋው አለችኝ። የሁሉንም ገጽ ከነጀርባው ኮፒ ሁለት አድርገን ነበር፤ አንዱ ከእሷ ጋር ሄደ፣ አንዱ ከደረሰኞቹ ጋር ሐራ እናቷ ሣጥን ውስጥ ነው።